ሁለት እስክሪብቶ

አባባ ሲጽፉ ሁለት እስክሪብቶ ይይዙ ነበር። ጥቁሩ በእጃቸው፣ ቀዩ ጆሮአቸው ላይ። ልጅ ሆኜ የማርያም ስም በመጣ ቁጥር እስክሪብቶ የሚቀያይሩ ይመስለኝ ነበር፤ ቀረብ ብዬ ሳይ ግን እንደዛ አልነበረም። መጀመሪያ የገጹን ጥቁር በሙሉ ጽፈው ይጨርሳሉ። ስሟ የሚገባበት ቦታ ሲደርሱ በስሙ ልክ ባዶ ይተዉና ያልፋሉ። ገጹ ሲያልቅ ቀዩን ከጆሮአቸው አውርደው ባዶዎቹን አንድ በአንድ ይሞላሉ። የብራና ጸሐፊዎችም እንደዚሁ ይሠሩ እንደነበር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ለዚህም ነው አንዳንድ ያላለቁ የብራና መጻሕፍት ውስጥ ስም መኖር የነበረበት ቦታ ባዶውን የቀረው፤ ጸሐፊው በቀዩ ሳይመለስበት ቀርቶ ማለት ነው።

አባባ ባረፉ በዓመታቸው፣ ለሙት ዓመቱ፣ ደብተራቸው ይታተም ተባለ። በገዛ እጃቸው የገለበጧቸው ጸሎቶች፣ የራሳቸው ጥቂት ቅኔዎች፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ አጎቴ የጻፈው የሕይወት ታሪካቸው። 96 ገጽ፣ ኤ5 መጠን፣ 500 ኮፒ። ገንዘቡን ቤተሰቡ አዋጣ፤ አጎቴ ያዘ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ፤ በቤታችን «ኮምፒውተር የምትችለዋ» እኔ ነኛ። ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፤ ግን እስከዚያን ቀን የሠራሁት ሁሉ ለስክሪን ነበር። ፖስት፣ ባነር፣ ሎጎ። ወረቀት ላይ ቀለም ዋጋ እንዳለው አላውቅም ነበር። ስክሪን ላይ ቀይም ሰማያዊም እኩል ነጻ ናቸው።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለ ከለር ነው ወይስ ጥቁርና ነጭ?» የሚል ነበር። ቀይ አለበት፤ ስለዚህ «ባለ ከለር» አልኩ። የተጻፈልኝን ዋጋ ለአጎቴ ስልክለት መልሶ አልጻፈም፤ ደወለ። የተዋጣው ገንዘብ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። «እንግዲህ ጥቁርና ነጭ ይሁን» አለ። ነገሩን ለእማማ ስነግራቸው ደግሞ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «የእመቤታችንን ስም በጥቁር? እሳቸው ሳሉ ታደርጊው ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ዋጋ የጻፈልኝ ልጅ አልነበረም። ማሽኒስቱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰውዬ፣ የአባባን ደብተር ገልጠው አዩና «ይሄ እኮ ባለ ከለር አይደለም» አሉ። «ይሄ ሁለት ቀለም ነው።»

ልዩነቱን ያሳዩኝ በማጉያ መነጽር ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የማስታወቂያ ፖስተር ላይ መነጽሩን አስቀምጠው «እይ» አሉኝ። ቀዩ ቀይ አልነበረም። ማጀንታ የሚባለው ሮዝ መሰል ቀለም ታትሞ ላዩ ላይ ቢጫ ታትሞበታል። ፎቶ ያለበት ሕትመት ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፤ አራቱ እየተደራረቡ ዓይናችንን ያታልሉታል። ፕሮሰስ ከለር የሚባለው ይሄ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፕሌት ይሠራለታል፤ ፕሌት ማለት ጽሑፉ የሚቀረጽበትና ማሽኑ ሲሊንደር ላይ የሚጠቀለለው ስስ አሉሚኒየም ነው። ስፖት ከለር ግን ሌላ ነገር ነው። ቀይ ከፈለግሽ ቀይ ቀለም ከቆርቆሮው ይወጣል፣ ማሽኑ ላይ ይፈስሳል፣ አለቀ። አንድ ቀለም፣ አንድ ፕሌት። ልክ እንደ አባባ ቀይ እስክሪብቶ።

ዋጋውን በብር አልነግራችሁም፤ ይሄን እስክታነቡት ይቀየራል። በፕሌት ልቁጠርላችሁ፣ እሱ አይቀየርም። የእሳቸው ማሽን ጂቲኦ የሚባለው ትንሹ ሃይደልበርግ ነው፤ ቢበዛ 36 በ52 ሴንቲሜትር ወረቀት ይወስዳል። በዚያ ወረቀት አንድ ፊት ላይ አራት የኤ5 ገጽ ይቀመጣል፣ በጀርባው ሌላ አራት። ስለዚህ 96 ገጽ ማለት 12 ወረቀት፣ 24 ፊት ማለት ነው። እያንዳንዱ ፊት ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት ይፈልጋል። በአራት ቀለም 96 ፕሌት። በሁለት ቀለም 48። ማሽኑ ደግሞ ባለ አንድ ቀለም ስለሆነ እያንዳንዱ ፕሌት ለብቻው ይታሰራል፣ ይስተካከላል፣ 500ውም ወረቀት ለብቻው በእሱ ላይ ያልፋል። ማስተካከያ ላይ የሚበላሸው ወረቀትም ከፕሌቱ ጋር አብሮ ይባዛል። ዋጋው ግማሽ ገደማ የወረደው ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ ብልጥ የመሰለኝን ጥያቄ ጠየቅኩ። «ሳያን አያስፈልገንም እኮ። ቀዩን ከማጀንታና ከቢጫ ብንሠራውስ? ሦስት ፕሌት ብቻ ነው፣ የተለየ ቀለም መግዛትም አይኖርብዎትም።» ሳቁ። «ለሁለት ቀለም ሥራ ሦስት ፕሌት ልትከፍይ?» 72 መሆኑ ነው። ግን ከዋጋው በላይ የሚብሰው ሌላው ነው፣ እሱንም አሳዩኝ። ከተጣለ ክምር ውስጥ በዚያ መንገድ የታተመ የቀይ ጽሑፍ ብጣሽ አወጡ። ፊደሎቹ በአንድ ወገናቸው ሮዝ፣ በሌላው ቢጫ ጠርዝ አውጥተዋል። ሁለቱ ቀለሞች በጸጉር ስፋት ተላልፈው ነው። ትልቅ ርዕስ ላይ ቢሆን ማንም አያየውም። በ11 ነጥብ የግዕዝ ፊደል ላይ ግን የ«ሕ» እግሮች መሃል ያለው ክፍተት ራሱ ስንት ነው? ይሞላል፣ ይደበዝዛል፤ በመነጽር ለሚያነቡ አሮጊቶች የማይነበብ ይሆናል። ወረቀት ደግሞ ያድራል። ዛሬ ማጀንታው ይታተማል፣ ነገ ቢጫው፤ በመሃል ሌሊቱን ዝናብ ከዘነበ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ይለጠጣል፣ ወደ ትናንቱ ልኩ አይመለስም።

ስፖት ቀይም ቢሆን ከጥቁሩ ጋር በዚያው መጠን ሊዛነፍ ይችላል። ግን ሲዛነፍ የሚሆነው ምንድን ነው? ቀዩ ቃል እንዳለ፣ ጥርት እንዳለ፣ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ፊደሉ ራሱ አይበላሽም፤ የተሠራው ከአንድ ቀለም ነውና። እኔ ስፖትን የመረጥኩት ለገንዘቡ ነበር። ይሄን ካየሁ በኋላ ግን ገንዘቡ እኩል ቢሆን እንኳ እሱን ነበር የምመርጠው።

ስፖት ሁልጊዜ ይረክሳል ማለት እንዳልሆነም እዚያው ተማርኩ። ሽፋኑ ላይ የአባባ ባለ ቀለም ፎቶ ነበረ። እሱን ሌላ ቦታ፣ ባለ አራት ቀለም ማሽን ያለው ቤት ነው ያሠራነው። እዚያ አራቱ ቀለሞች ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ላይ ናቸው፤ የሌሎች ሰዎች ሽፋኖች ጎን ተሰካክቶ አንድ ላይ ታተመ። እዚያ ሄጄ «ስፖት ቀይ አድርጉልኝ» ብል ኖሮ አንዱን ቀለም አውጥተው፣ ሮለሩን አጥበው፣ የእኔን ሠርተው፣ መልሰው ማጠብ ነበረባቸው፤ ያንን ሁሉ የምከፍለው እኔ ነኝ። ኮፒው 500 ሳይሆን 40 ቢሆን ደግሞ ፕሌት የሚባል ነገር ራሱ ትርፍ ነው። ዲጂታል ማተሚያ ጋ መሄድ፣ በቶነር ማሳተም። ስፖት እዚያ የለም፤ ፋይሉ ላይ ስፖት ብትሉትም ማሽኑ ከራሱ ቶነሮች አመሳስሎ ነው የሚያወጣው።

የቀዩን ዓይነትም ያስመረጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ከስክሪን ላይ የመረጥኩት ትንሽ ወደ ደም የሚሄድ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ነበር። «እሱ ይደባለቃል» አሉኝ። «ስደባልቅ ይተርፋል፣ የተረፈውን ሌላ ሰው አይፈልገውም፤ በመሃል ካለቀብኝ ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይሆንም።» ከመደርደሪያው ዋርም ሬድ የሚል ቆርቆሮ አወረዱ፤ ከፓንቶን መሠረታዊ ቀለሞች አንዱ ነው፣ ሳይደባለቅ እንደተገዛ የሚሠራ። በጣታቸው ትንሽ ነክተው የእኛው ወረቀት ላይ ገርፈው አሳዩኝ። ያልተቀባ ተራ ወረቀት ቀለም ስለሚጠጣ ስክሪኔ ላይ ካለው ፈዘዝ ብሎ ወጣ። የአባባ እስክሪብቶም ፈዛዛ ነበር። ወሰድኩት።

ከዚያ በኋላ ቤት ገብቼ 48ቱን ማሳነስ ጀመርኩ። ይሄ የገንዘብ ሱስ ነው፤ አንዴ ከገባችሁበት አያስተኛም። አንድ ፊት ላይ ካሉት አራት ገጾች አንዱ ላይ እንኳ አንዲት ቀይ ነጥብ ካለች ያ ፊት ቀይ ፕሌት ይፈልጋል። ምንም ቀይ ከሌለ ፕሌቱም የለም፣ ዙሩም የለም። የአጎቴ የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ 24 ገጽ ነው፤ ልክ ሦስት ወረቀት፣ ስድስት ፊት። በእሱ ውስጥ ቀይ ስም የለም። ታዲያ ለምንድን ነው እዚያም ቀይ ፕሌት የተቆጠረብኝ? ብዬ ሳይ፣ ለካ የገጽ ቁጥሮቹን ቀይ አድርጌአቸዋለሁ። ለውበት! በስድስቱ ፊት ላይ ቀይ ፕሌት ያስገደደችኝ ያቺ ታች ያለች ትንሽ ቁጥር ናት። ጥቁር አደረግኳቸው። ስድስት ፕሌት ወረደ፤ 24 ጥቁርና 18 ቀይ፣ 42።

የበለጠ መውረድ ይቻል ነበር። ገጾቹ ወረቀቱ ላይ የሚቀመጡት በተራ አይደለም። ስምንት ገጽ ሲታጠፍ በአንዱ ፊት 1፣ 4፣ 5 እና 8 ይሆናሉ፤ በሌላው 2፣ 3፣ 6 እና 7። ቀዩን ለምዕራፍ መክፈቻ ብቻ ትቼ መክፈቻዎቹን አንድ ፊት ላይ ባሰባስባቸው ወደ 33 ፕሌት እወርዳለሁ። አስልቼ ለአጎቴ ላክሁለት፣ ደስ አለው። ለእማማ ግን ያንን ጥያቄ ሁለተኛ ልወስድላቸው አልደፈርኩም። ስሞቹ እንደ ቀዩ ቀሩ፣ 42ም ጸና።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የጸሎቱን ጽሑፍ ግማሹን እኔ ተየብኩ፣ ግማሹን የአክስቴ ልጅ። እሱ በዎርድ ነው የተየበው፣ ስሙ ጋ ሲደርስ የዎርድን ቀይ እየሰጠ። እኔ ኢንዲዛይን ላይ ቀዩን በትክክል፣ Color Type የሚለው ላይ Spot ብዬ ሠርቼዋለሁ። የእሱን ፋይል ሳስገባ ግን ፕሮግራሙ የዎርዱን ቀይ ይዞ ገባና የቀለም ዝርዝሩ ውስጥ በራሱ ስም አስቀመጠው፤ Word_R255_G0_B0። አላየሁትም። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም ቀይ ናቸው። ፒዲኤፉን ቢሮ ባለው የከለር ፕሪንተር አወጣሁት፣ ሁሉም ቀይ ነው። ለእማማ አሳየኋቸው፣ ተሳለሙት። ሰደድኩት።

ፕሌት የሚያወጣው ቤት የታዘዘው ሁለት ቀለም ነው። ስለዚህ ከፋይሉ ውስጥ ጥቁሩንና ስፖት ቀዩን ብቻ አወጣ። የዎርዱ ቀይ ግን ስፖት አይደለም፤ ወደ ሕትመት ሲለወጥ ማጀንታና ቢጫ ይሆናል። ማጀንታና ቢጫ ደግሞ ፕሌት የላቸውም። ያ ማለት እነዚያ ስሞች የትም አልሄዱም። ጥቁሩ ላይ የሉም፣ ቀዩም ላይ የሉም።

ማሽኒስቱ ማተም የጀመሩት ከቀዩ ነው። «ከቀይ ወደ ጥቁር መታጠብ ይቀላል፤ ሮለሩ ላይ የቀረ ጥቁር ግን ቀዩን ያቆሽሽብሻል» አሉኝ። ቀዮቹን ፊቶች በሙሉ ጨርሰው፣ አንዴ ብቻ አጥበው፣ ጥቁሩን ሊቀጥሉ። ሲጀምሩ ለማየት ሄጄ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ሲወጡ አንዱን ሰጡኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ነጭ ወረቀት፣ ምንም ጽሑፍ የለውም፤ እዚህም እዚያም ስሟ ብቻ በቀይ ተንሳፍፎ። ከአባባ የተገላቢጦሽ፤ መጀመሪያ ስሙ፣ በኋላ ሌላው። ቆሜ ሳየው ቆየሁና ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። አንደኛው ገጽ ላይ ያለውን ጸሎት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ስሟ አምስት ጊዜ ይጠራል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነው ያለው።

«ጋሼ፣ ያቁሙት» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ማሽኑን ወዲያው አጠፉት።

ላፕቶፔን እዚያው የወረቀት ክምር ላይ ከፈትኩ። Window > Output > Separations Preview። View የሚለው ላይ Separations ሲባል ፕሌቶቹ በየስማቸው ይዘረዘራሉ፣ አጠገባቸው የዓይን ምልክት አለ። የስፖት ቀዩን ዓይን አጠፋሁት። ቀይ ሁሉ መጥፋት ነበረበት። ግማሹ ጠፋ፣ ግማሹ እንደ ቀይ ቀረ። ማጀንታና ቢጫን ሳጠፋ የቀሩትም ሄዱ። ይሄን ከመላኬ በፊት ባደርገው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሁለት ቀለም ሥራ ለምትሠሩ ሁሉ የምለምነው ይህን ብቻ ነው፤ ጥቁሩንና የመረጣችሁትን ቀለም አጥፉና ገጹን በሙሉ አገላብጡ። አንድም ነገር ከቀረ፣ እሱ አይታተምም፣ ወይም ሳታስቡት ተጨማሪ ፕሌት ያስከፍላችኋል።

ማስተካከሉ ቀላል ነበር። Word_R255_G0_B0 የሚለውን ከዝርዝሩ ስትሰርዙት ፕሮግራሙ በምን ልተካው ብሎ ይጠይቃል፤ ስፖት ቀዩን መረጥኩለት፣ ስሞቹ ሁሉ ወደ ቦታቸው ገቡ። የአክስቴ ልጅ የተየበው ክፍል ሰባት ፊት ላይ ነበር። ጥቁር ፕሌቶቹ ደህና ናቸው፤ ሰባቱ ቀዮች ግን እንደገና መሠራት አለባቸው። 42 እና 7፣ 49። ስድስት ፕሌት ለማትረፍ ያን ያህል ሌሊት ተቀምጬ፣ መጨረሻ ላይ ምንም ሳላስብ ከምከፍለው 48 በአንድ በለጥኩ። የሰባቱን ከኪሴ ከፈልኩ። ለአጎቴ አልነገርኩትም፤ ይሄን ካነበበ ዛሬ ያውቃል።

ማሽኒስቱ አልተቆጡኝም። የታተሙትን ጥቂት ወረቀቶች ሰብስበው ሊጥሏቸው ሲሉ አንዱን ለመንኳቸውና ሰጡኝ። «ጥቁሩን አትመንበት ቢሆን ኖሮ» አሉ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ። እኔም ያንኑ ነበር የማስበው። 500 መጽሐፍ፣ «ቅድስት ድንግል» ይልና ባዶ፣ ከዚያ «ለምኝልን»። ጸሐፊው በቀዩ እንዳልተመለሰበት ብራና።

መጻሕፍቱ ከሙት ዓመቱ ሁለት ቀን ቀድመው ደረሱ። አንድ ኮፒ ይዤ እማማ ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ከፊት ወደ ኋላ እየገለጡ፣ በጣታቸው ስሞቹን ብቻ እየነኩ ሄዱ። ወደ መሃል ሲደርሱ ቀዩ ትንሽ ይሳሳል፤ ባለ አንድ ቀለም ማሽን ላይ ቀለሙ ከፊት ፊት እኩል አይሄድም፤ አይቼው ነበር፣ እንዳያዩት እየተመኘሁ ነበር። ጣታቸው እዚያ ጋ ቆመ።

«እዚህ ጋ ቀለሙ አልቆባቸው ነበር እንዴ?» አሉኝ። ማሽኑን ይሁን አባባን አልጠየቅኳቸውም። ገጹን ገልጠው ቀጠሉ።